አዲስ ዳቦ ቤት በትንሽ ከተማ ሲከፈት የመክፈቻ ማስታወቂያው እንዴት ይጻፋል?

ብዙ የዳቦ ቤት መክፈቻ ማስታወቂያዎች «ጥራት ያለው ዳቦ በተመጣጣኝ ዋጋ ይዘንላችሁ መጥተናል» ብለው ያበቃሉ። የከተማው ሰው ግን ማወቅ የሚፈልገው ትኩስ ዳቦ በስንት ሰዓት እንደሚደርስ፣ ስንት ግራም በስንት ብር እንደሚሸጥና ሊጡ ውስጥ ምን እንደገባ ነው። እነዚህን ደግሞ ምድጃው ሳይሞከር መጻፍ አይቻልም።

ስለዚህ ከመክፈቻው ሳምንት በፊት አንድ ኩንታል ዱቄት ጋግራችሁ ቁጠሩ። ከአንድ ኩንታል ዱቄት፣ ውኃው ተጨምሮ ተቦክቶ፣ ባለ 100 ግራም ዳቦ 1,300 ያህል ይወጣል፤ እንደ ዱቄቱ ውኃ አያያዝ ከፍ ዝቅ ይላል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ሊጥ ምድጃ ውስጥ ውኃው ተንኖ ክብደቱ ይቀንሳል፤ 100 ግራም የተቆረጠ ሊጥ በስሎ ሲወጣ ከ90 ግራም ሊያንስ ይችላል። ማስታወቂያው ላይ «100 ግራም» ከጻፋችሁ ሊጡን ወደ 115 ግራም ቁረጡና የበሰለውን፣ የቀዘቀዘውን ዳቦ መዝኑ። በትንሽ ከተማ አንድ ሰው ጎረቤት ሱቅ ወስዶ ሚዛን ላይ ካስቀመጠው ወሬው እስከ ማታ ይዳረሳል።

ቀጥሎ ቀኑን ምረጡ። ባቲን እንውሰድ። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው፤ ከአፋር ቆላም ከዙሪያው ገጠርም ሰው ይጎርፋል። ሰኞ መክፈት ያጓጓል፤ እኔ ግን አልመክርም። እጃቸው ገና ያልተላመደ ሠራተኞችና አዲስ ምድጃ ያን ሁሉ ሰው አይችሉም፤ ዳቦው ረፋድ ላይ ያልቃል፣ ከሩቅ የመጣው ገበያተኛም ባዶ መደርደሪያ አይቶ ይመለሳል። የሚሻለው ማስታወቂያውን በገበያው ቀን መልቀቅና ሐሙስ መክፈት ነው። እስከሚቀጥለው ሰኞ ድረስ ሥራው መስመር ይይዛል። ማስታወቂያውን በከተማው የቴሌግራምና የፌስቡክ ገጾች ከመልቀቅ ሌላ፣ በትልልቁ ጽፋችሁ በራችሁ ላይም ለጥፉት፤ ገበያተኛው ሁሉ ስልክ አይከፍትም።

ስለ ግብዓቱ ስትጽፉ ግልጽ ሁኑ። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል፤ ጿሚው ዳቦው ቅቤ፣ ወተት ወይም እንቁላል እንዳለበት ሳያውቅ አይገዛም። ሙስሊሙ ደንበኛም ስቡ ከምን እንደሆነ ይጠይቃል። «የጾም ኬክ አለን» ማለት ብቻ አይበቃም። የወተቱ ኬክ የተጋገረበት ቆርቆሮ ለጾሙም የሚያገለግል ከሆነ ጿሚው ይህን የማወቅ መብት አለው፤ ቆርቆሮውን ለይታችሁ፣ መለየታችሁን ጻፉ።

ሰዓቱን በእኛው አቆጣጠር አስቀምጡ። «6:30» ተብሎ ብቻ ሲጻፍ አንዱ ማለዳ፣ ሌላው ቀትር ላይ ይመጣል፤ «ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል» ሲባል ግን ማንም አይሳሳትም። የምትጽፉትም በሩ የሚከፈትበትን ሳይሆን ዳቦው ከምድጃ የሚወጣበትን ሰዓት ይሁን። ቦታውን ሰው በሚያውቀው ምልክት ንገሩ።

ይህ ሁሉ ሲገጣጠም እንዲህ ይሆናል፤ ዋጋውና አድራሻው ለምሳሌ ያህል የገቡ ናቸው፦

«የባቲ ነዋሪዎች ሆይ፣ አዲሱ ዳቦ ቤታችን ሐሙስ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ሥራ ይጀምራል። ቦታው ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ነው። ትኩስ ዳቦ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩልና ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይወጣል። በስሎ 100 ግራም የሚመዝን ዳቦ 15 ብር። ዳቦአችን ዱቄት፣ ውኃ፣ እርሾ፣ ጨውና የአትክልት ዘይት ብቻ ነው፤ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የለበትም። ድፎ ዳቦ ለሚፈልግ ከሁለት ቀን በፊት በትእዛዝ እንጋግራለን። በቴሌብርም መክፈል ይቻላል።»

ከዚህ በታች የስልክ ቁጥር ይግባና ይብቃ። ኬኩን፣ ቦምቦሊኖውንና ሳምቡሳውን ሁሉ መደርደር አያስፈልግም፤ በየሳምንቱ አንድ አንዱን ታስተዋውቃላችሁ።

ፎቶው ከራሳችሁ ምድጃ የወጣ ዳቦ ይሁን። ከኢንተርኔት የተወሰደ የሚያብረቀርቅ ዳቦ ያየ ሰው ሱቁ ሲመጣ የሚያገኘው ሌላ ነው። አንዱን ዳቦ ለሁለት ከፍላችሁ ውስጡን አሳዩ፣ በማለዳ ብርሃን አንሱት፣ ሌላውን ሚዛን ላይ አስቀምጡና ቁጥሩ በግልጽ ይታይ።

ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ ጥያቄ ይመጣል፤ «መብራት ሲጠፋስ?» የሚለው አይቀርም። ጄነሬተር ወይም የእንጨት ምድጃ ካላችሁ በዚያው መልሱ። ከሌላችሁ መብራት በጠፋ ቀን በማለዳ ለማሳወቅ ቃል ግቡ። ሐሙስ ዕለትም ዳቦው ቀድሞ ካለቀ «አልቋል» ብቻ አትበሉ፤ ቀጣዩ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ ወዲያው በገጹም በበሩም ላይ ጻፉ።