ግሱ ወደ መጨረሻ አልሄደም፤ ድሮም እዚያው ነበር
በጀርመንኛ ጥገኛ ዓረፍተ ነገር ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ለአማርኛ ተናጋሪዎች ጀርመንኛ አስተምራለሁ። በመጀመሪያው ደረጃ፣ ኤ1 ላይ፣ ሁሉም ነገር ሰላም ነው። ቀጣዩ ደረጃ ኤ2 ስንገባ ‹ቫይል› የምትባል ቃል ትመጣለች፤ የእኛዋ "ምክንያቱም" መሆኗ ነው። ከዚያ በኋላ ደብተሩ ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ይሞላል። ሕጉን ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል፤ "ከ‹ቫይል› በኋላ ግሱ መጨረሻ ይሄዳል" ይሉኛል። ሲጽፉ ግን ግሱ መሀል ላይ ተጎልቶ አገኘዋለሁ።

አንድ ዓረፍተ ነገር ይዘን እንሂድ። ለአሠሪ የሚላክ አጭር መልእክት ነው፦ "ነገ ልጄን መውሰድ ስላለብኝ መምጣት አልችልም።" ጀርመንኛውን ሁሉም እንዲያነበው በፊደላችን እጽፈዋለሁ።

በእንግሊዝኛ ማሰብ

ብዙ ጊዜ የሚደርሰኝ እንዲህ ያለው ነው፦ "ኢሽ ካን ኒሽት ኮመን፣ ቫይል ኢሽ ሙስ አብሆለን ማይነን ዞን ሞርገን።" ቃላቱ ሁሉ ትክክል ናቸው። ቅደም ተከተሉ ግን የእንግሊዝኛ ነው። ተማሪው እንግሊዝኛን ከልጅነቱ ጀምሮ ስለተማረ፣ ማንኛውም የፈረንጅ ቋንቋ እንደዚያ የሚሄድ ይመስለዋል።

ትክክለኛው ይኸውና፦ "ቫይል ኢሽ ሞርገን ማይነን ዞን አብሆለን ሙስ።" አሁን ‹ቫይል›ን በጣትህ ሸፍናትና የቀረውን ቃል በቃል ቁጠር። ኢሽ፣ እኔ። ሞርገን፣ ነገ። ማይነን ዞን፣ ልጄን። አብሆለን፣ መውሰድ። ሙስ፣ አለብኝ። "እኔ ነገ ልጄን መውሰድ አለብኝ።" አንድም ቃል ቦታውን አልለቀቀም! እንግሊዛዊ ተማሪ ላቡ ጠብ እስኪል የሚታገልበትን ቅደም ተከተል እኛ ከእናታችን ጡት ጋር ጠጥተነዋል። ይህን ትተን በእንግሊዝኛ በኩል መዞራችን በጣም ያበሳጨኛል። እውነቴን ነው።

የሁለቱ ቋንቋዎች ልዩነት አያያዡ ቃል ላይ ነው። እኛ "ስለ"ን ግሱ ላይ እንለጥፋታለን፤ "ስላለብኝ" እንላለን። ጀርመኖች ‹ቫይል›ን ከፊት ያቆሟታል፣ ግሱን ደግሞ ከኋላ። ስለዚህ ጥገኛው ዓረፍተ ነገር በአያያዡ ይከፈታል፣ በተረባው ግስ ይዘጋል። ሰሚውም ‹ሙስ› እስኪመጣ ድረስ ነገሩ እንዳላለቀ ያውቃል።

ሁለት ግስ ሲኖር የትኛው ይቅደም የሚለው ጥያቄም እዚሁ ይመለሳል። የተረባው፣ ማለትም ከባለቤቱ ጋር የሚቀያየረው፣ የመጨረሻው ነው። "አብሆለን ሙስ" እንጂ "ሙስ አብሆለን" አይባልም። "መውሰድ አለብኝ" ትላለህ እንጂ "አለብኝ መውሰድ" ብለህ አታውቅም። ኃላፊ ጊዜም እንዲሁ ነው፤ "ሠርቻለሁ" ለማለት "ገአርባይተት ሃበ" ይባላል፣ ረዳት ግሱ ‹ሃበ› መዝጊያ ይሆናል።

ግሱ "ይሄዳል" ብሎ ማመን

ይህ የተማሪ ስህተት ብቻ አይደለም፤ የአስተማሪም ነው። "ግሱ ከሁለተኛ ቦታ ተነሥቶ መጨረሻ ይሄዳል" ስንል ተማሪው በመጀመሪያ ዋና ዓረፍተ ነገር ይሠራል፤ ከዚያ ግሱን ነቅሎ ወደ ኋላ ሊወስድ ይሞክራል። በንግግር መሀል ለዚህ ጊዜ የለም።

ነገሩ በተቃራኒው ነው። የጀርመንኛ ግስ ዋና ቦታው መጨረሻው ነው። የሚንቀሳቀሰው በዋናው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው፤ ወደ ፊት። ማንፍሬድ ቢርቪሽን የመሳሰሉ የቋንቋ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ይህን ሲከራከሩ ቆይተዋል። ማስረጃው ግን በየቀኑ አፋችን ላይ ነው።

‹አብሆለን›ን ተመልከት። ከሁለት የተሠራ ግስ ነው፤ ‹አብ› እና ‹ሆለን›። በዋና ዓረፍተ ነገር "ኢሽ ሆለ ሞርገን ማይነን ዞን አብ" ይባላል። ‹ሆለ› ወደ ሁለተኛው ቦታ ሮጠ፤ ‹አብ› ግን መጨረሻው ላይ ብቻዋን ቀረች። ግሱ ከየት እንደተነሣ የምታሳየው እሷ ናት። ‹ቫይል› ስትገባ ደግሞ "ቫይል ኢሽ ሞርገን ማይነን ዞን አብሆለ" ይሆናል። ግሱ ስላልተነሣ ሁለቱ አልተለያዩም። ግሱ ወደ ኋላ "የሚሄድ" ቢሆን ኖሮ ‹አብ› ለምን ቀድማ እዚያ ትጠብቀዋለች?

ታዲያ ‹ቫይል› ስትኖር ግሱ ለምን አይነሣም? ፊት ያለው ወንበር አንድ ስለሆነ ነው። አያያዡ ከተቀመጠበት ግሱ ባለበት ይቆያል፤ ወንበሩ ባዶ ከሆነ ግሱ መጥቶ ይይዘዋል። ይህን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ ጥንድ አለ። "የታመመ ያስመስላል" ለማለት በሁለት መንገድ ይቻላል። አንደኛው "ኤር ቱት ዞ፣ አልስ ኦብ ኤር ክራንክ ቬረ" ነው፤ ግሱ ‹ቬረ› መጨረሻ ላይ ነው። ሁለተኛው "ኤር ቱት ዞ፣ አልስ ቬረ ኤር ክራንክ" ነው። ‹ኦብ› ወጣች፣ ‹ቬረ› እሷ በነበረችበት ቦታ ገባች። ትርጉሙ ያው ነው።

የጀርመን ሕፃናትም አፋቸውን ሲፈቱ ያልተረባውን ግስ መጨረሻ ያደርጉታል፤ "ማማ ወተት መጠጣት" እንደማለት። ግሱን ማርባት ሲጀምሩ ነው ወደ ፊት የሚያመጡት። ስለዚህ ለተማሪዎቼ የምላቸው ይህ ነው፦ መጀመሪያ በአማርኛው ቅደም ተከተል አስብ። አያያዥ ካለ እንዳለ ተወው። አያያዥ ከሌለ የተረባውን ግስ ወደ ሁለተኛው ቦታ አምጣው።

ከነጠላ ሰረዙ በኋላ መዘናጋት

የእኛ ሰው ዋነኛ ወጥመድ ይህ ነው። አማርኛ ጥገኛውን ሁልጊዜ ያስቀድማል፤ "መውሰድ ስላለብኝ" መጀመሪያ፣ "አልችልም" መጨረሻ። ስለዚህ በጀርመንኛም ‹ቫይል›ን እና የእኛን "ከ" የምትተካውን ‹ቨን›ን አስቀድመን መጻፍ ይቀናናል። ይህ ይፈቀዳል። ግን እንዲህ ተብሎ ይጻፍልኛል፦ "ቫይል ኢሽ ሞርገን ማይነን ዞን አብሆለን ሙስ፣ ኢሽ ካን ኒሽት ኮመን።" የመጀመሪያውን ግማሽ አሳምሮ ጽፎ ሁለተኛው ላይ ወደቀ።

መሆን ያለበት "...አብሆለን ሙስ፣ ካን ኢሽ ኒሽት ኮመን" ነው። በዋናው ዓረፍተ ነገር ግስ ሁለተኛ ነው ብለናል። እዚህ አንደኛውን ቦታ የያዘው ማን ነው? ጥገኛው ዓረፍተ ነገር በሙሉ! አምስት ቃል ይሁን አሥራ አምስት፣ የሚቆጠረው እንደ አንድ ነው። ስለዚህ ከነጠላ ሰረዙ ቀጥሎ የሚመጣው ግስ ነው፤ ‹ኢሽ› ከኋላው ይከተላል።

ማረሚያው በዓይን የሚታይ ነው። ነጠላ ሰረዙን ፈልግ፤ በግራና በቀኝ የተረባ ግስ መኖር አለበት። ሙስ፣ ካን። ‹ሃበ፣ ኮመ›ም እንዲሁ፦ "ቨን ኢሽ ጻይት ሃበ፣ ኮመ ኢሽ"፣ ጊዜ ካለኝ እመጣለሁ። በሰረዙ ቀኝ ‹ኢሽ› ተቀምጣ ካየህ ከግሱ ኋላ አድርጋት። አንድ ተማሪዬ ይህን ስትሰማ "እንዴ፣ ሁለት ግስ ጎን ለጎን? ያስጠላል!" አለችኝ። አዎ፣ መጀመሪያ ያስጠላል። ፈተና ላይ ግን መርማሪው የሚፈልገው ያንን ነው።

‹ደን› እና ‹ደስሃልብ›ን ከ‹ቫይል› ጋር መደባለቅ

‹ደን›ም "ምክንያቱም" ማለት ነው፤ ግን እንደ "እና" እና "ግን" ሁለት ዋና ዓረፍተ ነገሮችን ያገናኛል እንጂ ጥገኛ አይፈጥርም። "ደን ኢሽ ሙስ ሞርገን ማይነን ዞን አብሆለን" ይባላል። ‹ደስሃልብ›፣ "ስለዚህ"፣ ደግሞ ራሷ አንደኛውን ቦታ ስለምትይዝ ግሱ ወዲያው ይከተላታል፦ "ደስሃልብ ካን ኢሽ ኒሽት ኮመን።"

የተሸፈነ ጥያቄን እንደ ጥያቄ መጻፍ

"ባቡሩ መቼ እንደሚመጣ አላውቅም" የሚለው "ኢሽ ቫይስ ኒሽት፣ ቫን ደር ጹግ ኮምት" ነው። "ቫን ኮምት ደር ጹግ" ቀጥታ ጥያቄ ሲሆን ብቻ ነው። እዚህ ‹ቫን› የአያያዡን ሥራ ትሠራለች።

መንገድ ላይ የሰሙትን መጻፍ

"ጀርመኖቹ ራሳቸው ከ‹ቫይል› በኋላ ግሱን መሀል ያደርጋሉ" ብሎ የሚሞግተኝ አይጠፋም። ልክ ነው፣ ሲያወሩ ያደርጉታል። ግን ብዙውን ጊዜ ከ‹ቫይል› በኋላ ትንሽ ትንፋሽ ወስደው ነው፤ የሚሰጡትም ምክንያት ሌላ ዓይነት ሊሆን ይችላል። "ኤር ኢስት ጹ ሃውዘ፣ ቫይል ዳስ ሊሽት ኢስት አን" ሲሉ፣ "ቤት አለ፣ መብራቱ በርቷላ!" ማለታቸው ነው። መብራቱ ሰውየውን ቤት አላስቀመጠውም፤ ተናጋሪው እንዴት እንዳወቀ ነው የሚነግረን። "እንደ" ከምትሆነው አያያዥ ከ‹ዳስ› እና ከ‹ቨን› በኋላ ግን ይህ ነፃነት የለም። በጽሑፍና በፈተና ደግሞ ከ‹ቫይል›ም በኋላ ቢሆን እርሳው።

"መጨረሻ" የሚለውን ከልክ በላይ ማክረር

ሕጉ አንዴ የገባው ተማሪ ሁሉንም ነገር ከግሱ በፊት ይጠቀጥቃል። "በስምንት ሰዓት የሚመጣውን አውቶቡስ ስለምጠብቅ" ለማለት "ቫይል ኢሽ አውፍ ደን ቡስ፣ ደር ኡም አኽት ኮምት፣ ቫርተ" ብሎ ይጽፋል። ስህተት አይደለም፣ ግን ‹ቫርተ› ጭራ ላይ ብቻዋን ተንጠልጥላለች። "ቫይል ኢሽ አውፍ ደን ቡስ ቫርተ፣ ደር ኡም አኽት ኮምት" ብለህ ግሱን ቶሎ አስገባ፤ ስለ አውቶቡሱ የሚያብራራው ከኋላ ይምጣ። ማወዳደሪያም እንዲሁ ከግሱ በኋላ ነው የሚያምርበት፦ "ዳስ ኤር ግሮሰር ኢስት አልስ ኢሽ"፣ ከእኔ እንደሚረዝም።

አንድ ቦታ ላይ ደግሞ የተረባው ግስ ራሱ ከመዝጊያው ይሸሻል። "መምጣት ስላልቻለ" በረዳት ግሱ ‹ሃት› ሲነገር "ቫይል ኤር ኒሽት ሃት ኮመን ኮነን" ይሆናል፤ ሁለት ያልተረቡ ግሶች ጎን ለጎን ሲመጡ ‹ሃት› ከፊታቸው ትቆማለች። የቢ1 ተማሪ በዚህ ራሱን ባያደክም ይሻላል። "ቫይል ኤር ኒሽት ኮመን ኮንተ" ይበል። ጀርመኖችም በአብዛኛው የሚሉት ይህንኑ ነው፣ ግሱም መጨረሻው ላይ ነው።