በመስታወት ውስጥ ያለፈ ጨረር ወደ ጎን ምን ያህል ፈቀቅ እንደሚል እንዴት ይለካል?

ሁለት ፊቱ ትይዩ በሆነ መስታወት ውስጥ ሰያፍ የገባ ጨረር ሲገባ የታጠፈውን ያህል ሲወጣ መልሶ ይታጠፋል። ስለዚህ አቅጣጫው አይለወጥም፤ ከቀድሞ መስመሩ ግን ወደ ጎን ፈቀቅ ይላል። ይህን የጎን ርቀት d እንበለው።

የሚያስፈልገው 10 በ6 ሴንቲ ሜትር የሆነ የመስታወት ብሎክ፣ አራት ቀጫጭን ስፒሎች፣ ወፍራም ካርቶን፣ ነጭ ወረቀት፣ ማስመሪያ፣ ፕሮትራክተርና በደንብ የተቀረጸ እርሳስ ነው። ሌዘር ለማሳየት ያምራል፤ ለመለካት ግን ስፒል ይሻላል። የሌዘሩ ነጠብጣብ ወረቀቱ ላይ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ስለሚሰፋ መሃሉን መገመት ግድ ይሆናል።

1. ወረቀቱን ካርቶኑ ላይ አንጥፈው ብሎኩን በጠፍጣፋ ጎኑ ያስተኙትና ዙሪያውን በእርሳስ ይከልሉ። ብሎኩን አንስተው በአንዱ ረጅም ጠርዝ ላይ ነጥብ ይምረጡ፤ በነጥቡ ላይ ለጠርዙ 90 ዲግሪ የሆነ መስመር ያስምሩ። ከዚህ መስመር 45 ዲግሪ ርቆ ወደ ነጥቡ የሚመጣውን የገቢ ጨረር ይሳሉ። ማዕዘኑ የሚለካው ከመስታወቱ ፊት ሳይሆን ከዚህ ቀጥ ያለ መስመር ነው። በ45 ስህተቱ አይታወቅም፤ 30 ብለው 60 ሲለኩ ነው የሚያጋልጠው።

2. በገቢው መስመር ላይ ሁለት ስፒል ቀጥ አድርገው ይትከሉ፤ በመካከላቸው ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ይኑር። ብሎኩን ወደ ቦታው ይመልሱ።

3. ሥራው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ከብሎኩ ማዶ ሆነው ዓይንዎን እስከ ወረቀቱ ዝቅ ያድርጉና አንዱን ዓይን ጨፍነው በመስታወቱ ውስጥ ሁለቱን ስፒሎች ይፈልጉ። አንዱ ሌላውን እስኪሸፍነው ድረስ ጭንቅላትዎን ወደ ግራና ቀኝ ያንቀሳቅሱ። መመልከት ያለብዎት የስፒሎቹን አናት ሳይሆን ወረቀቱን የነኩበትን እግራቸውን ነው፤ ትንሽ ያዘመመ ስፒል አናቱ ሌላ፣ እግሩ ሌላ ቦታ ነው። ሦስተኛውን ስፒል ሁለቱንም እንዲሸፍን፣ አራተኛውን ደግሞ ሦስቱንም እንዲሸፍን አድርገው ይትከሉ። እነዚህም በ5 ሴንቲ ሜትር ይራራቁ፤ ከተቀራረቡ የግማሽ ሚሊ ሜትር ስህተት መስመሩን ያጣምመዋል።

በመሃል ብሎኩ ቢነካስ? በጠርዙ አቅጣጫ ብቻ ከተንሸራተተ d አይለወጥም። ከዞረ ግን ማዕዘኑ ስለተለወጠ እንደገና ይጀምሩ፦ በ45 ዲግሪ አካባቢ የአንድ ዲግሪ ዙረት d ላይ 0.6 ሚሊ ሜትር ያህል ለውጥ ያመጣል።

4. ሁሉንም አንስተው በሦስተኛውና በአራተኛው ቀዳዳ በኩል የወጪውን ጨረር ያስምሩ። የገቢውንም መስመር በብሎኩ ሥዕል ውስጥ አልፎ እስከ ማዶ በቀጥታ ያራዝሙት። በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ርቀት ነው d፤ የሚለካውም ለጨረሩ 90 ዲግሪ በሆነ አቅጣጫ ነው። ሁለት ቦታ ይለኩ፤ ካልተመሳሰሉ መስመሮቹ ትይዩ ስላልሆኑ ወደ ሦስተኛው እርምጃ ይመለሱ።

ያገኙትን በዚህ ያመሳክሩ፦

d = t · sin(i − r) / cos r

t የመስታወቱ ውፍረት፣ i የመግቢያው ማዕዘን፣ r መስታወቱ ውስጥ ያለው ማዕዘን ነው። r የሚገኘው sin r = sin i / n በሚለው ነው፤ n መስታወቱ ብርሃንን ምን ያህል እንደሚያጥፍ የሚገልጽ ቁጥር ሲሆን ለተለመደው መስታወት 1.5 ያህል ነው። i 45 ዲግሪ ከሆነ r 28.1 ዲግሪ ይሆናል፤ በ6 ሴንቲ ሜትር ውፍረት d 1.97 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። ማስመሪያዎ 2.8 አካባቢ ካሳየ ስህተቱ የታወቀ ነው፤ የለኩት ለጨረሩ ቀጥ ብለው ሳይሆን የመስታወቱን ጠርዝ ተከትለው ነው።

ማዕዘኑን ሲቀያይሩ d እኩል እየዘለለ አይጨምርም። በ30 ዲግሪ 1.16 ሴንቲ ሜትር የነበረው በ60 ዲግሪ 3.07 ይደርሳል፤ ማዕዘኑ እጥፍ ሲሆን d ከሁለት እጥፍ ተኩል አለፈ ማለት ነው። በ0 ዲግሪ ምንም ፈቀቅታ የለም። ወደ 90 በተጠጋ ቁጥር d የመስታወቱን ውፍረት ወደ ማከል ይሄዳል፤ ነገር ግን ከ70 በላይ ከፊቱ ላይ የሚንጸባረቀው ብርሃን በፍጥነት ስለሚጨምር ስፒሎቹ ደብዝዘው ይታያሉ፤ እዚያ ባይደክሙ ይሻላል።

ውፍረቱ ግን ቀጥተኛ ነው። ብሎኩን አዙረው ብርሃኑ በ10 ሴንቲ ሜትሩ በኩል እንዲያልፍ ያድርጉ፤ በዚያው በ30 ዲግሪ d 1.94 ይሆናል፣ ልክ የ1.16 አሥር ስድስተኛ። በዚህ አቀማመጥ ግን ፊቱ 6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ጨረሩ ደግሞ እስኪወጣ ድረስ 3.5 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ይጓዛል። ስለዚህ የመግቢያውን ነጥብ መሃል ላይ ሳይሆን ጨረሩ ከሚያመራበት ጎን በተቃራኒው ጥግ አጠገብ ያድርጉት። መሃል ላይ ካደረጉት ጨረሩ የጎኑን ግድግዳ ይመታና ሙሉ በሙሉ ይንጸባረቃል፤ ስፒሎቹንም በሚጠብቁት በኩል አያገኟቸውም።