የሦስት ወር ስኳርና የጣት ልኬት ሳይገጥሙ ሲቀሩ እንዴት ይጣራል?

አክስቴ አንድ ቀን ከከዚራ እየሳቀች መጣች። «አንቺ ልጅ፣ ስኳሩ ለቀቀኝ እኮ!» ድሬ ላይ አንቱታ ስለማይበዛ እኔም «እስቲ ወረቀቱን አሳዪኝ» አልኳት። የሦስት ወር ስኳር፣ ማለትም ኤችቢኤዋንሲ፣ 5.9 በመቶ ይላል። ዓምና 8.2 ነበር። ቤት ያለው የጣት መለኪያ ግን ጠዋት በባዶ ሆድ ከ150 በታች ወርዶ አያውቅም። እሷ «መለኪያው ተበላሽቷል» ብላ የስኳር መድኃኒቷን ሜትፎርሚንን በራሷ ፈቃድ በግማሽ ቀንሳዋለች። ሌሊት ሦስቴ አራቴ ለሽንት ትነሳለች፣ እሱን ደግሞ በሙቀቱ ብዙ ውሃ ስለምጠጣ ነው ትላለች።

እንዲህ ሲያጋጥማችሁ ከስኳሩ በፊት ስለ ደሙ ጠይቁ። ባለፉት ሦስት አራት ወራት ብዙ ደም ፈሷል? ደም ተሰጥቷል? የአይረን ኪኒን ተጀምሯል? ወባ ይዞ ነበር? አክስቴ ማዮማ በሚባል የማህፀን ዕጢ ምክንያት ለሳምንታት ደም ፈሷት ነበር። ሄሞግሎቢኗ 6.8 ደርሶ ሁለት ከረጢት ደም ተሰጣት። የስኳር ምርመራውን ያደረገችው ከዚያ አምስት ሳምንት በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስኳር በቀይ የደም ሴል ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ቀስ እያለ ይጣበቃል፣ ሴሉ ደግሞ ወደ 120 ቀን ይኖራል። ግቢ ውስጥ የተሰጣ ነጭ ሸማን አስቡት፤ በቆየ ቁጥር የድሬ አቧራ ይይዘዋል። ዛሬ የተሰጣው ንጹህ ነው፣ አቧራው ስለቀነሰ ግን አይደለም። ደም ሲፈስ የቆዩት ሴሎች ይሄዳሉ፣ መቅኒ አዳዲስ ይተካል፣ የለጋሹ ሴሎችም ስኳር ከሌለበት ሰው የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ቁጥሩ ይወርዳል፣ ስኳሩ ግን እዚያው ነው። ወባም ሴሎቹን ስለሚያፈነዳ እንደዚሁ ያደርጋል።

ግራ የሚያጋባው የአይረን እጥረት ነው። ገና ያልታከመ ከሆነ ብዙ ጊዜ ቁጥሩን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ስኳር የሌለበትን ሰው እንኳ ስኳር አለበት ወደሚባልበት የ6.5 መስመር ሊያስጠጋ ይችላል። አይረን ሲጀመር ደግሞ አዳዲስ ሴሎች ይጎርፉና ቁጥሩ ይወርዳል። ስለዚህ «ደም ማነስ አለ» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ከምን እንደመጣና ሕክምና ተጀምሮ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ መለኪያውን ፈትሹ። ደም በጣም ያነሰው ሰው ላይ ብዙ የጣት መለኪያዎች ከፍ አድርገው ሊያነቡ ይችላሉ፣ ሙቀት ያገኘው ስትሪፕም አይታመንም። በባዶ ሆድ ላብራቶሪ ሂዱና ከደም ስር ሲቀዳ በዚያው ደቂቃ ጣትንም ለኩ። የአክስቴ ላብራቶሪው 158፣ መለኪያው 165 አለ። ይሄ ጥሩ ነው፤ ልዩነቱ ከ15 በመቶ ካለፈ ነው መጠርጠር ያለባችሁ።

ከዚያ ለአንድ ሳምንት በቀን አራቴ፦ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ከምሳ በፊት፣ ከምሳ ሁለት ሰዓት በኋላ እና ማታ ስትተኙ። የአክስቴ 28 ቁጥሮች ተደምረው ለ28 ሲካፈሉ 186 መጡ። አሁን ወረቀቱ የሚለውን ወደ አማካይ ስኳር ቀይሩት፦

```
28.7 × 5.9 − 46.7 = 122.6
```

ወረቀቱ አማካይዋ 123 ገደማ ነው እያለ ጣቷ 186 ይላል። በተቃራኒው ስናሰላው 186 ማለት ወደ 8.1 በመቶ ነው። የጣት ልኬት ቀኑን ሙሉ ስለማያይ ትንሽ መራራቅ ያለ ነው። ከሁለት ነጥብ በላይ ከራቀ ግን አንደኛው ተሳስቷል፣ እሷ ጋ ደግሞ መለኪያውን አስቀድመን ፈትሸነዋል።

ደም ሳይፈስና ደም ማነስ ሳይኖር ቁጥሩ ሁሌ የማይገጥም ከሆነ በዘር የሚወረስ የሄሞግሎቢን ዓይነት ሊኖር ይችላል። ይሄ ኤሌክትሮፎረሲስ በሚባል የደም ምርመራ ይታወቃል። ሲክል ሴል ሕመም ያለበት ሰው ሴሎቹ ቶሎ ስለሚሞቱ የሦስት ወር ስኳር ምርመራ አይሠራለትም። ዘሩን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ሰው ግን እንደ ማሽኑ ነው፤ አንዱ በትክክል ያነበዋል፣ ሌላው ይስታል። ስለዚህ ላብራቶሪውን «ማሽናችሁ ይህን ይለያል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

እስከዚያው ሐኪሙ የሚመራው በባዶ ሆድና ከምግብ በኋላ ባለው ስኳር ነው። ፍሩክቶዛሚን የሚባለውን ምርመራ የሚሠራ ላብራቶሪ ከተገኘ ደግሞ የሁለት ሦስት ሳምንቱን ከፕሮቲን ላይ ስለሚያነብ ቀይ ሴሉ አያስተውም። የሦስት ወሩ የሚደገመው ደሙ ከተረጋጋ ሦስት ወር ያህል ሲያልፈው ነው።

አክስቴ የ28ቱን ቁጥር ወረቀት ይዛ ሐኪሟ ጋ ሄደች፣ ሜትፎርሚኑም ወደ ቀድሞው መጠን ተመለሰ። ከአራት ወር በኋላ ሄሞግሎቢኗ 12.1፣ የሦስት ወር ስኳሯ 7.6 ሆነ። «ጨመረብኝ» ብላ አኮረፈች። በዚያ ሳምንት የጣቷ አማካይ 170 ነበር። አሁን ሁለቱ ገጠሙ።