ኤልኢዲ ስታደበዝዙ እንዳይርገበገብ

ጣና ዳር ያለች የጓደኛዬ ቡና ቤት ውስጥ ባለ 12 ቮልት የኤልኢዲ ስትሪፕ በአርዱዊኖ ኡኖ አደብዝዤ ነበር። ለዓይን ምንም አይልም። ማታ አንድ ደንበኛ ቪዲዮ ሲቀርፅ ግን ስልኩ ላይ ጥቋቁር መስመሮች ይሮጡ ጀመር።

ችግሩ የፒደብሊውኤሙ ፍጥነት ነው። ኡኖ በ9ኛው ፒን መብራቱን የሚያበራና የሚያጠፋው በሰከንድ 490 ጊዜ ገደማ ብቻ ነው። `setup()` ውስጥ ይህችን ጨመርኩ፦

```
TCCR1B = (TCCR1B & 0b11111000) | 0x02;
```

ፍጥነቱ ወደ 3,900 ኸርዝ ወጣ፤ መስመሮቹም ጠፉ። `0x01` ብትሉት 31,000 ያልፋል፣ ግን አያጓጓችሁ። አርዱዊኖው ስትሪፑን የሚያበራና የሚያጠፋው በሞስፌት ነው፤ የሞስፌቱ ጌት እስኪሞላና እስኪራገፍ ደግሞ ማይክሮ ሰከንዶች ይፈጃል። በዚያ ፍጥነት ገና በቅጡ ሳይከፈት ይዘጋል። ደብዛዛው ብርሃን ጭራሽ ይጠፋል፣ ሞስፌቱም ይግላል።

ሞስፌት ስትገዙ ፊደሏን አንብቡ፦ IRLZ44N እንጂ IRFZ44N አይደለም። ሁለተኛው በ5 ቮልት በደንብ አይከፈትም፤ ስትሪፑ ረዘም ካለ ጣት አያስነካም። ከፒኑ ወደ ጌቱ 220 ኦም፣ ከጌቱ ወደ ግራውንድ 10 ኪሎ ኦም አስገቡ። ይቺ ሁለተኛዋ ከሌለች አርዱዊኖው እስኪነሳ መብራቱ እንደፈለገው ቦግ ሊል ይችላል። የሁለቱም ፓወር ግራውንድ ይገናኝ።

ዓይናችን ደግሞ ታች ላይ ያለችውን ለውጥ አጋኖ ነው የሚያየው። ብርሃኑ እንዳይዘል የብርሃኑን መጠን የያዘውን ቁጥር `v` በራሱ አባዙትና ለ255 አካፍሉት፦

```
analogWrite(9, (long)v * v / 255);
```

`long` ካልተጻፈ ቁጥሩ ሞልቶ ይፈስና መብራቱ መሃል ላይ ያብዳል።