ሃንድአውቱን ከፍታችሁ ዳያግራም አትሳሉ (እና ፊዚዮሎጂ ስታጠኑ የምትሰሯቸው ሌሎች ስህተቶች)

ባለፈው ሳምንት እዚህ ባህርዳር አንዲት የሁለተኛ አመት የነርሲንግ ተማሪ ደብተሯን ታቅፋ መጣች። ሬኒን አንጂዮቴንሲን አልዶስተሮን፣ ሰውነት የወረደ ግፊት የሚያነሳበትን መንገድ፣ ተማሪው ባጭሩ ራስ የሚለውን፣ በአራት ቀለም ነው የሳለችው፣ ኩላሊቱ ቡኒ ጉበቱ ቀይ፣ እንደው ግድግዳ ላይ ብትሰቅሉት የሚያምር። ስንት ጊዜ አነበብሽው አልኳት። "ኧረ ሲስተር አምስቴ ሳይሆን አይቀርም፣ ራሱ ራሴን አዞረኝ እኮ" አለችኝ።

ደብተሩን ከደንኩና ባዶ ወረቀት ሰጠኋት። ሶስት ቀን ተቅማጥ ይዞት የከረመ ሰው መጣ፣ አፉ ደርቋል፣ ግፊቱ 85 በ50 ነው፣ ሰውነቱ ምን እያደረገ እንደሆነ ከዚህ ተነስተሽ ሳዪልኝ አልኳት። ትንሽ አሰበችና ግፊት ወረደ፣ ቀስት፣ ሬኒን፣ ቀስት፣ አንጂዮቴንሲን 2፣ ቀስት፣ አልዶስተሮን፣ ቀስት፣ ውሃ ተያዘ፣ ቀስት፣ ግፊት ተስተካከለ ብላ ጨረሰች። ፈገግ ብላ አየችኝ። እሺ የሰውየው ፖታሲየምስ ወዴት ይሄዳል ስላት ዝም። ሬኒን ምኑን ነው የሚነካው ስላት "ደም ስሩን ያጠብበዋል መሰለኝ" አለች። ምነው አንች፣ ደብተርሽ ላይ እኮ ሁለቱም አለ! ቀይ አስምረሽበታል!

ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም፣ ከባቿ ቸካይ ከሚባሉት ናት። ግን ይሄን ነገር በዚህ አመት ብቻ ስንት ተማሪ ላይ እንዳየሁት መቁጠር አቁሜያለሁ፣ ስለዚህ ልናገር።

ትልቁ ስህተት መጽሐፉን ከፍቶ ዳያግራም መሳል ነው። ብዙዎቻችሁ ደግሞ ማንበብ ብቻውን አይበቃም መባሉን ሰምታችኋል፣ "እኔ እኮ እየሳልኩ ነው የማጠና" ትላላችሁ፣ ታዲያ ሃንድአውቱ በግራ ወረቀቱ በቀኝ ሆኖ ዓይናችሁ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ እያለ መስመር በመስመር ትቀዳላችሁ። ይሄ መሳል አይደለም፣ መገልበጥ ነው። እጃችሁ ሰራ እንጂ ጭንቅላታችሁ ምንም ነገር ፈልጎ አላወጣም። ከደብረ ማርቆስ ባህርዳር በሚኒባስ ሃምሳ ጊዜ የተመላለሰ ተሳፋሪ መንገዱን አውቀዋለሁ ይላል፣ ቡሬ ሲደርስ ቡሬን ያውቃታል፣ ዳንግላ ሲደርስም ያውቃታል። ግን ቤቱ ቁጭ ብሎ ከደምበጫ ጀምረህ በተራ ጥራቸው ብትሉት እንጅባራ ከቡሬ በፊት ይሁን በኋላ ይጠፋዋል። ረዳቱን ጠይቁት፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይጠራላችኋል፣ ምክንያቱም እሱ በየቀኑ ከአፉ እያወጣ ነው የሚሄደው። ደጋግማችሁ ስታነቡ ተሳፋሪ ናችሁ። ሲያዩት መለየትና ሳያዩት ማውጣት ሁለት የተለያየ ነገር ነው፣ ፈተናውም በሽተኛውም የሚፈልጉባችሁ ሁለተኛውን ነው።

የኔ ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ሮዲገርና ካርፒኪ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አጭር ጽሑፍ አስጠኗቸው፣ አንዱ ቡድን አራት ጊዜ አነበበ፣ ሌላው አንድ ዙር ብቻ አንብቦ ከዚያ ሶስት ጊዜ ወረቀቱን ሳያይ ያስታወሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋጋሚ አንባቢዎቹ በለጡ፣ 83 በ71 በመቶ። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ፣ አንባቢዎቹ 40፣ ከጭንቅላታቸው ያወጡት 61። ነገ ጠዋት ኩይዝ ሲኖርባችሁ መቸከል የሚሰራ የሚመስላችሁ ለዚህ ነው፣ ፋይናል ላይ የሚጠፋባችሁም ለዚህ ነው። ያው ካርፒኪ በ2011 ብለንት ከምትባል ተመራማሪ ጋር ሆኖ ደግሞ ጽሑፉን ፊታቸው አድርገው ሐሳቦቹን በመስመር የሚያገናኝ ካርታ የሚሰሩ ተማሪዎችን ዘግተው ከሚያስታውሱት ጋር አወዳደረ፣ ከሳምንት በኋላ የዘጉት በለጡ፣ ፈተናው ራሱ ካርታ ሳሉ የሚል ሲሆን እንኳን!

ስለዚህ አንዴ በደንብ አንብቡ፣ ዝጉ፣ ባዶ ወረቀት ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ሳሉ። የጠፋችሁ ቦታ ላይ ባዶ ሳጥን ትታችሁ እለፉ፣ ቶሎ ብላችሁ እንዳትከፍቱ፣ ያ የሚያስጨንቀው ሁለት ሶስት ደቂቃ ነው ስራው። ሙሉ በሙሉ ሲደርቅባችሁ ክፈቱና በቀይ አርሙ። ቀዩ ይቅር፣ አታጥፉት፣ በማግስቱ መጀመሪያ የምትሄዱት ወደ ቀዩ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ዲዳ ቀስት ነው። ልጅቷ አምስት ቀስት ነው የሳለችው፣ አንዱም ምን እንደሚያደርግ አይናገርም። "ሬኒን ቀስት አንጂዮቴንሲን 2" ማለት ምንድነው? ይፈጥረዋል? ይቆርጠዋል? የት? እያንዳንዱ ቀስት ላይ አንድ ግስ፣ አንድ ቦታ፣ እና ወይ ፕላስ ወይ ማይነስ ይኑር። በዚህ ህግ እንደገና አሳልኳት፣ እያንዳንዱ ቀስት ላይ እየጠየቅኳት እየተጨቃጨቅን።

ተቅማጡ ጨውና ውሃ ወሰደ፣ ወደ ኩላሊት የሚደርሰው ደም ግፊቱ ቀነሰ። ወደ ማጣሪያው በሚገባው ትንሽ ደም ስር ግድግዳ ላይ ያሉ ሴሎች ይሄን አውቀው ሬኒን ይለቃሉ፣ በቱቦው የሚያልፈው ጨው ማነሱና የሲምፓቴቲክ ነርቩም ይገፏቸዋል። ሬኒን ኢንዛይም ነው፣ ደም ስር አያጠብም፣ ስራው መቁረጥ ብቻ ነው። የሚቆርጠው ጉበት ሰርቶ ደም ውስጥ የለቀቀውን አንጂዮቴንሲኖጅንን ነው፣ ከሱ አንጂዮቴንሲን 1 ይወጣል፣ ይሄም ገና ብዙ አቅም የለውም። ኤሲኢ የሚባለው ሌላ ኢንዛይም፣ በተለይ የሳንባ ደም ስሮች ላይ ሞልቷል፣ ሁለት አሚኖ አሲድ ይቆርጥለትና አንጂዮቴንሲን 2 ያደርገዋል። ደም ስር የሚያጠብበው እሱ ነው፣ ጥምም ያመጣል፣ አድሬናልንም አልዶስተሮን ልቀቅ ይለዋል። አልዶስተሮን ደግሞ ውሃን በቀጥታ አይዝም! ኩላሊት ውስጥ ሶዲየም ያስመልሳል፣ ውሃ ሶዲየሙን ተከትሎ ይመጣል፣ በለውጡ ፖታሲየም ወደ ሽንት ይወጣል።

አያችሁ፣ የፖታሲየሙ ጥያቄ የጠፋባት ስላልሸመደደችው አይደለም። "አልዶስተሮን ቀስት ውሃ" ብላ ስለዘለለች ሶዲየም የሚቀመጥበት ሳጥን ወረቀቷ ላይ የለም፣ ሶዲየም ከሌለ ፖታሲየም የሚወጣበት በርም የለም። ሳጥኑን ስታስገባ እኔ ሳልነግራት "እህ፣ ለካ ይቀንሳላ" አለች። ተቅማጡ ራሱም ፖታሲየም ይዞ ይወጣል፣ እዚያ ላይ ይሄ ሲጨመር አስቡት።

ስዕሉን ማሳመር ስህተት ነው፣ ማስመሪያ ካወጣችሁ ጊዜ እያባከናችሁ ነው፣ በቃ። በአንድ ሌሊት አራቴ መሳልም ያው ነው፣ ዛሬ አንዴ፣ ነገ አንዴ፣ ከአራት አምስት ቀን በኋላ አንዴ ይበልጣል። ምንም ሳያነቡ ባዶ ወረቀት ላይ ማፍጠጥም አለ፣ እሱን የሚያደርግ ጥቂት ነው ግን አይቻለሁ፣ ያልገባ ነገር ከየት ይወጣል?

በአንድ አቅጣጫ ብቻ ማጥናት ግን ብዙ ሰው ይበላል። ከላይ ወደ ታች እንደ ውሃ ይወርዱታል፣ ከመሃል ስትጠይቋቸው "ቆይ ከመጀመሪያው ልጀምር" ይላሉ። ረዳቱ እኮ ሲመለስም ይጠራል፣ ከመራዊ ወደ ዳንግላ። ስለዚህ ስላችሁ ስትጨርሱ አንድ ቀስት ምረጡና በእስክሪብቶ ቁረጡት፣ ከዚያ እያንዳንዱ ሳጥን ጎን ወጣ ወይስ ወረደ ብላችሁ ምልክት አድርጉ። ኤሲኢን ቁረጡ፣ ኢናላፕሪል የሚያደርገው እሱን ነው። አንጂዮቴንሲን 2 ወረደ፣ አልዶስተሮን ወረደ፣ ፖታሲየም ወደ ላይ። ሬኒንስ? እዚህ ላይ ከአስር ዘጠኙ "ይወርዳል፣ ሲስተሙ ተዘጋ እኮ" ይለኛል። አይወርድም፣ ይወጣል። አንጂዮቴንሲን 2 ተመልሶ ሬኒንን በቃህ የሚልበት የማይነስ ቀስት አለ፣ እሱ ሲጠፋ፣ ግፊቱም ሲወርድ፣ ሬኒንን የሚያቆመው የለም። ያችን ተመላሽ ቀስት ያልሳለ ሰው ይሄን ጥያቄ በፍጹም አይመልሰውም፣ መንገዱ ቀጥ ያለ መስመር ይመስለዋል፣ ክብ ነው እንጂ።

የመጨረሻው የኔ ነው። ስዕላችሁን የምዕራፉ ርዕስ ላይ ማቆም። አታችመንት ላይ እያለሁ አንድ አባት ለግፊት ክትትል ይመጡ ነበር፣ ደረቅ ሳል፣ ትኩሳት የለ አክታ የለ። እኔ የሳል ሽሮፕ ቀያየርኩላቸው፣ ሁለት ጊዜ። አንድ ሲኒየር ካርዱን ገልጦ "ምን እየወሰዱ ነው?" አለኝ፣ ኢናላፕሪል። አሁንም አልገባኝም፣ ራስን ግን በቃሌ እወጣዋለሁ፣ ያኔ ብትጠይቁኝ አንዲት ቀስት አልስትም ነበር! ችግሩ የኔ ስዕል ውስጥ ኤሲኢ አንድ ስራ ብቻ ነው ያለው። ለካ ብራዲካይኒን የሚባለውንም የሚሰባብረው እሱ ነው፣ ሲዘጋ ብራዲካይኒኑ ይጠራቀምና ሳል ያስነሳል። ሲኒየሩ ወደ ሎሳርታን ቀየረላቸው፣ እሱ ኤሲኢን አይነካም፣ አንጂዮቴንሲን 2 የሚያርፍበትን ሪሴፕተር ነው የሚዘጋው፣ ብራዲካይኒኑ እንደ ወትሮው ይሰበራል። ከሶስት ሳምንት በኋላ ሳሉ ለቀቃቸው፣ አባባ የመረቁት ሲኒየሩን ነው፣ ተገቢ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስዕል ስጨርስ እያንዳንዱን ሳጥን ሌላ ምን ትሰራለህ፣ ሌላስ ማን ያዝሃል ብዬ እጠይቃለሁ። አልዶስተሮንን ብትጠይቁት ለምሳሌ ፖታሲየም ሲበዛ ያለ አንጂዮቴንሲንም በቀጥታ እንደሚነሳ ታገኛላችሁ፣ ብዙ ሃንድአውት ላይ ያ ቀስት የለም።

ልጅቷን ሐሙስ ስትመጣ ያለ ደብተር ነይ ብያታለሁ። የማስስላትም ይሄን ነው፣ እናንተም ሞክሩት፦ አድሬናል ላይ እጢ ወጥቶ ማንም ሳያዘው አልዶስተሮን ያፈሳል። ግፊቱ፣ ፖታሲየሙ፣ ሬኒኑ፣ እያንዳንዱ ወዴት ይሄዳል? ሃንድአውቱን እንዳትከፍቱ።