47 ደቂቃ ወደኋላ የቀረው ካሜራ

ብስክሌቴ ተሰረቀ። የካሜራውን ቅጂ ስከፍት ሌባው 22:10 ላይ ይዞት ሲወጣ ይታያል። እኔ ግን ብስክሌቱን ያስገባሁት 22:30 ላይ ነው! ሳይገባ ተሰረቀ ብዬ ማንን ላሳምን?

የካሜራውን መቅረጫ ሰዓት ወዲያው ላስተካክል ብዬ ነበር፣ ግን እጄን ሰበሰብኩ። ልዩነቱ መጀመሪያ መመዝገብ አለበት፤ ሰዓቱ ከተስተካከለ በኋላ ስንት ተዛብቶ እንደነበር ማሳየት ይከብዳል። ስልኬን ስክሪኑ አጠገብ ይዤ ሁለቱን በአንድ ፎቶ አነሳሁ። ስልኩ 14:20፣ ስክሪኑ 13:33 ይላል። 47 ደቂቃ። ስለዚህ ሌባው የወጣው 22:57 ገደማ ነው። ዋናውን ቅጂ ሳልነካካ በፍላሽ አውጥቼ ፎቶውን አብሬ አስቀመጥኩ።

ከዚያ ወደ ጥገናው። ሰዓቱን ከኢንተርኔት የሚያመሳስለው NTP በርቷል፣ ግን አይሠራም። ጉዱ የተገኘው የኔትወርክ ገጹ ላይ ነው፤ ስሞችን ወደ አድራሻ የሚፈታው DNS ላይ 0.0.0.0 ተጽፏል፤ ባዶ ነው ማለት ነው። ስለዚህ መቅረጫው የሰዓት አገልጋዩን ስም፣ pool.ntp.orgን፣ ወደ አድራሻ መፍታት አልቻለም። የGoogleን DNS፣ 8.8.8.8ን፣ አስገባሁ፤ የሰዓት ቀጠናውን አረጋግጬ በየ60 ደቂቃው እንዲያመሳስል አደረግሁ። ወዲያው ተስተካከለ።

ሰዓቱ ወደፊት ስለዘለለ፣ አሁን ባስተካከልኩበት ቀን ቅጂ ላይ የ47 ደቂቃ ክፍተት ይታያል። ሆን ተብሎ የተሰረዘ እንዳይመስል፣ ሰዓቱን የቀየርኩበትን ቅጽበት ጽፌ ከፎቶው ጋር አያያዝኩት።