የኮል ስታክ ሰንጠረዥ ስትሠሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰላም ሁላችሁም፣ ሪከርሽንን ትሬስ ያደረጋችሁበትን ወረቀት ሁሉንም አይቻለሁ። አብዛኞቻችሁ መልሱን አግኝታችኋል፤ ሰንጠረዡ ግን ብዙ ቦታ ተዘበራርቋል። ፈተና ላይ ደግሞ የሚጠየቀው መንገዱ ነው። ቅዳሜ አራት ኪሎ ስንገናኝ ከዚያው እንድንቀጥል፣ ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች በዚሁ ኮድ ላስረዳችሁ። የምንጀምረው `f(4)` ብለን ነው።

```
1  def f(n):
2      if n <= 1:
3          return n
4      a = f(n - 1)
5      b = f(n - 2)
6      return a + b
```

አንዱን n እየሰረዙ መጻፍ። n 4 ነበር፣ ተሰርዞ 3 ሆነ፣ ከዚያ 2 ሆነ ብላችሁ የጻፋችሁ አላችሁ። ለሉፕ ቢሆን ልክ ነበር። እዚህ ግን እያንዳንዱ ጥሪ የራሱ n፣ የራሱ a እና የራሱ b አለው። `f(3)` ሲጠራ የ`f(4)` n አሁንም 4 ነው፤ ማንም አልነካውም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጥሪ አዲስ ረድፍ ክፈቱ።

ጥሪው የት መስመር ላይ ቆሞ እንደሚጠብቅ አለመጻፍ። ከሁሉም የከፋው ይኸኛው ነው። `f(2)` መስመር 4 ላይ `f(1)`ን ይጠራና ይቆማል። `f(1)` 1 ይመልሳል። ይህ 1 የሚገባው a ውስጥ ነው፣ ምክንያቱም `f(2)` የቆመው መስመር 4 ላይ ነው። ከዚያ ወደ መስመር 5 ያልፋል፣ `f(0)`ን ይጠራል፣ የሚመለሰው 0 ደግሞ b ውስጥ ይገባል። መስመሩን ካልጻፋችሁ የተመለሰው ቁጥር የማን እንደሆነ አይታወቅም። ከእናንተ አንዳንዶቹ 0ውን a ላይ ጽፈዋል፤ ሌሎቹ ደግሞ `f(2)`ን ከመስመር 1 እንደገና አስጀምረዋል። ጥሪ ሲመለስ ጠሪው ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ ከላይ አይጀምርም።

ስለዚህ «የሚጠብቅበት» የሚል አምድ ይኑራችሁ። ስድስተኛው ጥሪ ገና ሲከፈት ሰንጠረዡ ይህን መምሰል አለበት፦

| ረድፍ | n | a | b | የሚጠብቅበት | የመለሰው |
|---|---|---|---|---|---|
| 1 | 4 | | | መስመር 4 | |
| 2 | 3 | 1 | | መስመር 5 | |
| ~~3~~ | 2 | 1 | 0 | | 1 |
| ~~4~~ | 1 | | | | 1 |
| ~~5~~ | 0 | | | | 0 |
| 6 | 1 | | | | |

ረድፍ 2ን ተመልከቱ። a ተሞልቷል፣ b ባዶ ነው፣ የቆመውም መስመር 5 ላይ ነው። ረድፍ 6 ሊመልሰው ያለው 1 ወዴት እንደሚሄድ ሳታስቡ ታነቡታላችሁ። ረድፍ 1 ግን a እንኳን የለውም፤ `f(4)` ገና የመጀመሪያ ጥሪውን እየጠበቀ ነው። a እና b በአንድ ጊዜ ይሰላሉ ብላችሁ ሁለቱንም ጥሪዎች ጎን ለጎን የከፈታችሁ ልጆች እዚህ ላይ ቆም በሉ፦ የመስመር 4 ጥሪ ከነዝርያው ሙሉ በሙሉ ካላለቀ መስመር 5 አይነካም።

ያለቀውን ረድፍ በላጲስ ማጥፋት። አታጥፉት፤ የረድፉን ቁጥር በመስመር ሰርዙና የመለሰውን ዋጋ ጻፉ። በማንኛውም ሰዓት ስታኩ ላይ ያሉት ያልተሰረዙት ረድፎች ብቻ ናቸው፤ እየሠራ ያለው ደግሞ ከእነሱ መካከል የመጨረሻው ነው። ከላይ ባለው ሰንጠረዥ ስታኩ ላይ ያሉት ሦስት ናቸው፦ 1፣ 2 እና 6። የስታኩ ጥልቀት ሲጠየቅም የሚቆጠረው ይኸው ነው። በ`f(4)` ያልተሰረዙት ከ4 አይበልጡም፣ ጠቅላላ ረድፎቹ ግን 9 ናቸው። ሁለቱን ቁጥሮች አታምታቱ። ፓይተን ጥሪ ሲበዛበት `RecursionError` የሚለውም በጥልቀቱ ነው፤ ያለቁት ጥሪዎች አይቆጠሩም።

ሁለተኛውን `f(2)` መዝለል። `f(4)` መስመር 5 ላይ ሲደርስ `f(2)`ን በድጋሚ ይጠራል። «ቀድሞ 1 መሆኑን አይተናል» ብላችሁ 1 ጽፋችሁ አለፋችሁ። የመጨረሻው መልስ 3 ስለሚሆን ስህተቱ አይታይም። ረድፎቻችሁ ግን በ9 ፈንታ 6 ይሆናሉ። ይህ ኮድ ያሰላውን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም፤ ስለዚህ `f(1)` እና `f(0)` እንደገና ይጠራሉ፣ እናንተም እንደገና መጻፍ አለባችሁ።

ለቅዳሜ `f(5)`ን ሠርታችሁ ኑ። 15 ረድፍ መውጣት አለበት፣ ያልተሰረዙትም ከ5 መብለጥ የለባቸውም። ከ15 ካነሰባችሁ ሁለተኛውን `f(3)` ተመልከቱ፤ ያልተሰረዙት ከ5 ከበለጡባችሁ ደግሞ ሪተርን አድርጎ ሳትሰርዙት የቀረ ረድፍ አለ።